ከመቶ አሥር፦ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ የሚወዳደሩበት ምክንያትና የውጤት ልዩነቱ ከውድድር ውድድር የሚለዋወጥበት ምስጢር

(በአብነት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

የምንገኝበት ሠፈር አብነት ይባላልና፣ እኔም ነገሬን በአብነት እጀምራለሁ። በገለጻዬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ያ ሰዓት በዓለም ላይ እስከዚያን ዕለት ከተሮጠው ሁሉ ፈጣኑ ነበር። ከ59 ዓመታት በኋላ፣ መስከረም 24 ቀን 2023 በርሊን ላይ፣ አትሌት ትዕግስት አሰፋ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ፈጸመች። ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ትዕግስት አበበን በ18 ሰከንድ ትቀድመዋለች። ይህን የሰማ ሰው ሁለት ጥያቄዎች ቢያነሣ አይፈረድበትም። አንደኛው፣ ሴት የአበበን ሰዓት ካለፈች ወንዶችና ሴቶች ለምን ለየብቻ ይወዳደራሉ? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዛሬ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በትክክል ምን ያህል ነው? የሚል ነው። ከሁለተኛው ልጀምር፤ ልዩነቱን ሳንለካ ስለ ምክንያቱ መከራከር ውኃ መውቀጥ ይሆናልና።

ልዩነቱ እንዴት ይለካል?

በአበበና በትዕግስት መካከል ያደረግነው ንጽጽር የሚያሳስተው የተለያየ ዘመን ሰዎችን ስለሚያጋጥም ነው። በመካከሉ ጫማው፣ ሥልጠናው፣ የመንገዱ አመራረጥና የአሯሯጮች አጠቃቀም ተለውጧል። ትክክለኛው መንገድ በተቀራራቢ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት ርቀትና ሜዳ የተመዘገቡ ውጤቶችን ወስዶ ልዩነቱን ለወንዱ ሰዓት ማካፈል ነው።

በራሳችን አትሌቶች እናስላው። በ10 ሺህ ሜትር የኢትዮጵያ ወንዶች ፈጣን ሰዓት ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራሰልስ ላይ ያስመዘገበው 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ነው። የሴቶቹ ደግሞ ለተሰንበት ግደይ በ2021 ሄንግሎ ላይ የሮጠችው 29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ነው። ሁለቱንም ወደ ሰከንድ ስንመልሳቸው 1577.53 እና 1741.03 ይሆናሉ። ልዩነቱ 163.50 ሰከንድ ሲሆን፣ ለ1577.53 ሲካፈል ከመቶ 10.4 ይሰጠናል። በ5 ሺህ ሜትርም የሐጎስ ገብረሕይወትን የ2024 ሰዓት (12 ደቂቃ ከ36.73) ከጉዳፍ ጸጋይ የ2023 ሰዓት (14 ደቂቃ ከ00.21) ጋር ብናነጻጽር ከመቶ 11 እናገኛለን። ወደ አጭር ርቀት ተሻግረን የዩሴይን ቦልትን 9.58 ከጃማይካዊቷ ኢሌን ቶምሰን ሄራ 10.54 ጋር ብናስተያይ ውጤቱ ከመቶ 10 ነው። አሥር ሰከንድ በሚፈጀውም ሆነ ግማሽ ሰዓት ገደማ በሚፈጀው ሩጫ ቁጥሩ ከአሥር ብዙ አይርቅም።

ከመቶ አሥር ምን ያህል ነው?

ከመቶ አሥር በገበያ ቋንቋ አነስተኛ ቅናሽ ነው። በትራክ ላይ ግን ሰፊ ገደል ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ አሸንፋ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ሴት ባለወርቅ ሆነች። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶቹ አሸናፊ ኻሊድ ስካህ 27 ደቂቃ ከ46.70 ሰከንድ ሮጧል። ሁለቱ በአንድ መነሻ መስመር ላይ ቆመው በዚያው ፍጥነታቸው ሮጠው ቢሆን ኖሮ፣ ስካህ ሲጨርስ ደራርቱ ገና ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ይቀራት ነበር።

እንዲያውም ከመነሻው መስመር ላይ መቆሟም አጠራጣሪ ነው። ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ የወንዶች የ10 ሺህ ሜትር ሚኒማ 27 ደቂቃ ነበር፤ ለተሰንበት በ29 ደቂቃ ከ01 ሰከንዷ ይህን አታሟላም። የወንዶች የማራቶን ሚኒማ 2 ሰዓት ከ08 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነበር፤ የትዕግስት የበርሊን ሰዓት ከዚህ በሦስት ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ይዘገያል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። መደቡ ባይለይ ኖሮ እነዚህ ሴቶች ከሜዳሊያው ብቻ ሳይሆን ከስም ዝርዝሩም ውጭ ይሆኑ ነበር። የሴቶች ምድብ የተከለለው ሴቶችን ከወንዶች ለማራቅ ሳይሆን፣ የሴቶችን ምርጥ ብቃት የሚለይ ውድድር እንዲኖር ነው። የቦክስ ክብደት ምድብም የቆመው በዚሁ አመክንዮ ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ከጉርምስና በፊት ወንዶችና ሴቶች ልጆች በሩጫ ያላቸው ልዩነት ጥቂት ነው። ክፍተቱ የሚሰፋው ጉርምስና ሲጀምር፣ በወንዶች ሰውነት ውስጥ የቴስቶስትሮን መጠን ከሴቶቹ ብዙ እጥፍ ከፍ ሲል ነው። ይህ ሆርሞን የጡንቻን ብዛትና የአጥንትን መጠን ይጨምራል፤ የቀይ ደም ሕዋሳትንም ምርት ያነሣሣል። በዚህም የተነሣ የአዋቂ ወንድ ሄሞግሎቢን ከሴቷ በአማካይ ከመቶ 12 ገደማ ይበልጣል። በሌላ በኩል የሴት ሰውነት ለመውለድና ለማጥባት የሚያስፈልገውን ስብ ይይዛል፤ ስለዚህ እጅግ የሠለጠነች ሯጭም ብትሆን ከእኩያዋ ወንድ በጥቂት የመቶኛ ነጥብ የላቀ ስብ ተሸክማ ትሮጣለች።

ለረጅም ርቀት ሯጭ የእነዚህ ሁለት ነገሮች ትርጉም ግልጽ ነው። በእያንዳንዱ የልብ ምት ወደ ጡንቻ የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል፤ የሚሸከሙት ነገር ግን ሞተር ያልሆነ ክብደት ነው። አንድን ኪሎ ክብደት አንድ ኪሎ ሜትር ለማንቀሳቀስ የሚወጣው ኃይል በሁለቱ ጾታዎች ተቀራራቢ ነው። ከከፍተኛው የኦክስጅን አቅም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሊጠቀሙበት የሚችሉት ድርሻም እንዲሁ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ በረጅም ርቀት የሚታየው ከመቶ አሥር በአብዛኛው ከኦክስጅን አቅም እንጂ ከአሯሯጥ ጥበብ ወይም ከጽናት ማነስ የመጣ አይደለም። ከፍታ ላይ መወለድና መሠልጠን ሁለቱንም ይጠቅማል እንጂ ክፍተቱን አይዘጋም።

በዝላይ፣ በውርወራና በዋና

አሁን ወደ ልውውጡ እንምጣ። በርዝመት ዝላይ የወንዶች የዓለም ክብረ ወሰን 8.95 ሜትር፣ የሴቶቹ 7.52 ሜትር ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ 16። ከሩጫው ይህን ያህል የሰፋው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የፊዚክስ ሕግ ነው። ወደ አየር የተወረወረ አካል የሚጓዘው ርቀት በግምት ከመነሻ ፍጥነቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። የቶምሰን ሄራ አማካይ ፍጥነት የቦልትን 0.91 ያህል ነው። 0.91 በራሱ ሲባዛ 0.83 ይሆናል፤ ማለትም በፍጥነት ዘጠኝ በመቶ ያህል የሆነው ልዩነት በርቀት 17 በመቶ ያህል ሆኖ ይወጣል። ከ16ቱ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ተመልከቱ። ዝላይ ከተወረወረ ድንጋይ የተወሳሰበ ስለሆነ ስሌቱ ግምታዊ ነው። ነገር ግን በሜትር የተለካና በሰከንድ የተለካ መቶኛ በቀጥታ እንደማይነጻጸሩ በደንብ ያሳያል።

በአሎሎ ውርወራ ደግሞ ተቃራኒ ወጥመድ አለ። የወንዶቹ ክብረ ወሰን 23.56 ሜትር፣ የሴቶቹ 22.63 ሜትር ነው። ስሌቱ ከመቶ 4 ብቻ ይሰጣል። ይህን አይቶ በውርወራ ሴቶች ወንዶችን ሊደርሱ ነው የሚል ቢኖር አሎሎውን ይመዝን፤ የወንዶቹ 7.26 ኪሎ፣ የሴቶቹ 4 ኪሎ ነው። በላይኛው የሰውነት ክፍል ያለው የጡንቻ ልዩነት ከእግሩ ስለሚሰፋ፣ መሣሪያው እኩል ቢሆን በውርወራ የሚታየው ክፍተት ከሩጫው እጅግ በበለጠ ነበር። የመሰናክል ሩጫም ከፍታው ስለሚለያይ በዚሁ ጥንቃቄ መታየት አለበት።

በዋና ክፍተቱ ይጠብባል። በ1500 ሜትር ነጻ ዋና ቦቢ ፊንክ በ2024 ያስመዘገበው 14 ደቂቃ ከ30.67 ሰከንድ ሲሆን፣ ኬቲ ለዴኪ በ2018 የዋኘችው 15 ደቂቃ ከ20.48 ሰከንድ ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ 5.7። ጉዳፍ 5 ሺህ ሜትርን ለመጨረስ የፈጀባት ጊዜም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የልብና የሳንባው ጥያቄም ተመሳሳይ ነው። በሩጫ 11፣ በዋና ግን ስድስት ያህል የሆነው፣ በመሬት ላይ ሸክም የሆነው ስብ በውኃ ውስጥ ሰውነትን የሚያንሳፍፍ በመሆኑ ነው። አነስ ያለ ሰውነትም ከውኃው የሚገጥመው ተቃውሞ ያነሰ ነው። አንድ የሰውነት ባሕርይ በአንዱ ሜዳ ጉዳት፣ በሌላው ጥቅም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አንዲት ሯጭ፣ ሦስት ክፍተቶች

አሁን ወደ ትዕግስት እንመለስ፤ በእሷ ምሳሌ አንድ ሰው ራሱ ሦስት የተለያየ መቶኛ ሊሰጥ እንደሚችል ላሳያችሁ። በወቅቱ የኢትዮጵያ ወንዶች የማራቶን ፈጣን ሰዓት ቀነኒሳ በ2019 በርሊን ላይ የሮጠው 2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ነበር። ከትዕግስት የበርሊን ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ክፍተቱ ከመቶ 8.4 ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ብንመራ ርቀቱ ሲረዝም ሴቶች ይቀርባሉ ብለን እንደመድም ነበር።

ነገር ግን በርሊን ላይ ወንዶችና ሴቶች በአንድነት ይሮጣሉ፤ ትዕግስትም ወንድ አሯሯጮች ነበሯት። ከሴቷ በብዙ የሚፈጥን ወንድ እስከ መጨረሻው ድረስ ከፊቷ ሆኖ ንፋሱን ሊሰብርላትና ፍጥነቱን ሊጠብቅላት ይችላል። ቀነኒሳ ግን ይህን ዕድል አያገኝም፤ ከእሱ በአሥር በመቶ የሚፈጥን አሯሯጭ በዓለም ላይ የለምና። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበርም በ2011 ይህን ጉዳይ አንሥቶ ተወያይቶበታል፤ በኋላም ለሴቶች የጎዳና ሩጫ ሁለት ክብረ ወሰን እንዲመዘገብ አድርጓል፤ አንዱ ከወንዶች ጋር ለተሮጠ፣ ሌላው ለሴቶች ብቻ።

ራሷ ትዕግስት በሚያዝያ 2025 ለንደን ላይ፣ ሴቶች ብቻቸውን በሮጡበት ውድድር፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገብታ የዚያን ክብረ ወሰን አሻሻለች። ይህ ሰዓት ከቀነኒሳው ጋር ሲነጻጸር ክፍተቱ ከመቶ 11.6 ይሆናል። በፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ አሯሯጭ በሌለበትና ዳገት በበዛበት በአንድ መንገድ ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ ትዕግስት በማግሥቱ ከሲፋን ሐሰን ሦስት ሰከንድ ብቻ ዘግይታ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ገቡ። ክፍተቱ ከመቶ 13.1 ነው። ፓሪስ ላይ ሴቶቹ እስከ መጨረሻዎቹ ሜትሮች የተፎካከሩት ለወርቅ እንጂ ለሰዓት አልነበረም፤ ታምራት ግን ብቻውን አምልጦ ነበር።

8.4፣ 11.6፣ 13.1። ሯጯ አንዲት ናት፤ ሰውነቷም ያው ነው። የመጀመሪያው በአሯሯጭ የጠበበ፣ ሁለተኛው የአየሩና የመንገዱ መለያየት ያለበት፣ ሦስተኛው በስልት የሰፋ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ መቶኛውን ከመጥቀሳችን በፊት ማን ከማን ጋር፣ በምን መንገድና ለምን ዓላማ እንደሮጠ መጠየቅ እንዳለብን ነው።

ያልደረሰው ትንቢትና የታሪኩ ድርሻ

በ1992፣ ደራርቱ ባሸነፈችበት ዓመት፣ ኔቸር በተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ሁለት ተመራማሪዎች የክብረ ወሰኖችን ጉዞ በቀጥታ መስመር አስቀጥለው፣ በማራቶን ሴቶች ወንዶችን በ1998 ገደማ ሊደርሱባቸው እንደሚችሉ ጻፉ። 1998 ደረሰ። በዚያ ዓመት ቴግላ ሎሩፔ የሴቶቹን ክብረ ወሰን ወደ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ፣ ሮናልዶ ዳ ኮስታ የወንዶቹን ወደ 2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ አወረዱ። ክፍተቱ ከመቶ 11.7 ነበር።

ስሕተቱ የት ነበር? በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የሴቶች ሰዓት በፍጥነት የወረደው በአብዛኛው በሩ ስለተከፈተ ነው። የሴቶች 800 ሜትር በ1928 ከተካሄደ በኋላ እስከ 1960 ከኦሊምፒክ ወጥቶ ቆየ፤ 1500 ሜትር በ1972፣ ማራቶን በ1984፣ 10 ሺህ ሜትር በ1988፣ 5 ሺህ ሜትር በ1996 ነው የገቡት። በሩ ተከፍቶ እንግዳው ሁሉ ከገባ በኋላ መስመሩ መጉበጥ ነበረበት፤ ጎበጠም። ስለዚህ ክፍተቱ ሁለት ክፍል ነበረው፦ ዕድል በመስጠት የሚጠፋውና ዕድል ቢሰጥም የሚቀረው።

የመጀመሪያው ክፍል ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ወይ? በእኔ አስተያየት፣ አልጠፋም። ለዚህ ማሳያ የሚሆነው የሚኒማው ሰንጠረዥ ነው። ለፓሪስ የሴቶች የ10 ሺህ ሜትር ሚኒማ 30 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነበር፤ ከወንዶቹ 27 ደቂቃ ጋር ክፍተቱ ከመቶ 13.6 ነው። በ5 ሺህም ያው 13.6፣ በማራቶን ደግሞ 14.6 ነው። ሚኒማ የሚወጣው የአንደኛዋን ሳይሆን ከጫፉ ዝቅ ብለው ያሉትን ሯጮች ደረጃ ታስቦ ነው። አናት ላይ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ የነበረው ክፍተት ወደ ታች ስንወርድ ወደ አሥራ አራት የሚሰፋ ከሆነ፣ የአናቶቹ ሰውነት ብቻ አያብራራውም። የበኩሌን ንባብ ልንገራችሁ፦ ከለተሰንበት በስተኋላ መሰለፍ የነበረባቸው፣ ግን ሳይሰለፉ የቀሩ ብዙ ሴቶች አሉ። አንዳንዶቹ ውኃ ሲቀዱ፣ አንዳንዶቹ ያለዕድሜያቸው ሲዳሩ ቀርተዋል።

የድንበሩ ጉዳይ

የመጨረሻ ነጥቤ ስለ ድንበሩ ነው። መለያየት በሁሉም ስፖርት ከሰውነት የመነጨ አይደለም። በፈረስ ግልቢያ ኦሊምፒክ ወንዶችና ሴቶች በአንድነት ይወዳደራሉ። በዚያው በባርሴሎና 1992 ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን በተንቀሳቃሽ ዒላማ ተኩስ ከወንዶች ጋር ተወዳድራ ወርቁን ወሰደች፤ ከዚያ በኋላ ውድድሩ ለሴቶች ተዘጋ፤ በ2000 ብቻ ለእነርሱ የተለየ ምድብ ተከፈተ። ጡንቻና ሄሞግሎቢን በማይወስኑበት ስፖርት የመለያየት ምክንያት እንደ ሩጫው በቀላሉ አይገኝም።

ሰውነት በሚወስንበት ስፖርት ደግሞ የሴቶች ምድብ ማንን ያካትታል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። የዓለም አትሌቲክስ ከመስከረም 2025 ጀምሮ በሴቶች ምድብ ለሚወዳደሩ አትሌቶች የአንድ ጊዜ የዘረመል ምርመራ ደንግጓል። በዚህ ላይ ሐኪሞች፣ የሕግ ሰዎችና አትሌቶች ተከፋፍለዋል፤ ምድቡን ለመጠበቅ የሚደረገው ፍተሻ ሸክሙ የሚወድቀው በራሳቸው በሴቶቹ ላይ ነውና። ድንበር የሌለው ምድብ ምድብ አይሆንም፤ የድንበሩ ጠባቂ ሰው የሚያዋርድ ከሆነም ምድቡ የተመሠረተበትን ዓላማ ይጻረራል።

ነገሬን በጀመርኩበት ልቋጭ። ትዕግስት ከአበበ 18 ሰከንድ ፈጥናለች፤ ከቀነኒሳ ደግሞ 10 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ዘግይታለች። ሁለቱም እውነት ነው። የመጀመሪያው የሴቶችን በር መክፈት ምን እንዳስገኘ ይነግረናል፤ ሁለተኛው ለሴቶች ለየብቻ መነሻ መስመር ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳናል። ጥያቄ ካላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።